«ኮሚሽን የለም» ከሚለው መስኮት ጀርባ

በጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ትንሽ የገንዘብ መላኪያ ቤት መስኮት ጀርባ አራት ዓመት ተቀምጫለሁ። ቤቱ ጠባብ ነበር። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ሲፈልግ የሚዞር ሲያሰኘው የሚቆም አንድ ማራገቢያ፣ በሩ አጠገብ ደግሞ የባለቤቱ ወንበር። መስታወቱ ላይ በፈረንሳይኛ፣ በዐረብኛና በአማርኛ «ኮሚሽን የለም» የሚሉ ሦስት ወረቀቶች ተለጥፈዋል። አማርኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

አባቴ የባቡር ሠራተኛ ስለነበር በአሥር ዓመቴ ነው ከድሬዳዋ ጅቡቲ የመጣሁት። ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ፣ ሰፈር ውስጥ ሶማልኛ፣ ቤት ውስጥ አማርኛ እያወራሁ አደግሁ። ባለቤቱ የቀጠረኝም ለዚሁ ነበር። አብዛኞቹ ደንበኞቹ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚኖሩ የሐበሻ ሴቶች ነበሩ፤ የዕረፍት ቀናቸው ዓርብ ነው፤ በፈረንሳይኛ የተጻፈ ቅጽ ደግሞ ያስፈራቸዋል። እኔን ሲያዩ ፊታቸው ይፈታል። «ሐበሻ ነሽ እንዴ?» ይሉኛል። ከዚያ በኋላ የምነግራቸውን ሁሉ ያምኑኛል።

ባለቤቱ ጢሙን በሂና የሚያቀላ አዛውንት የጅቡቲ ሰው ነው። ሁሉም ሐጂ ይሉታል፣ እኔም ሐጂ እለዋለሁ። ወጣት ሳለ ድሬዳዋ ጨርቅ ይነግድ ስለነበር አማርኛ ይሰማል፤ ሲናደድ ደግሞ ጥሩ አድርጎ ይናገራል። ጠዋት ጠዋት ሱቁን እንደከፈትን አዲስ አበባ ላለው ሸሪኩ ይደውላል። «ዛሬ ስንት ነው?» ይለዋል። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ አንድ ዶላር ዛሬም፣ ነገም፣ የዛሬ ዓመትም መቶ ሰባ ሰባት ፍራንክ ከምናምን ነው። የሚንቀሳቀሰው ብሩ ነበር። በዚያን ጊዜ ዶላር አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ አሥራ ስምንት ብር ተኩል ነበር፤ ሲሰላ አንድ ሺህ ፍራንክ መቶ አራት ብር ይመጣል። ሐጂ ስልኩን ይዘጋና ወደኔ ዞሮ «ዘጠና ስድስት ጻፊ» ይለኛል። እኔም ሰሌዳው ላይ «1000 ፍራንክ = 96 ብር» ብዬ እጽፋለሁ።

ከየሺው ስምንት ስምንት ብር እንደሚቀር ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አውቅ ነበር። ሰው «ለመላኪያ ስንት ትወስዳላችሁ?» ሲለኝ «ምንም፣ ኮሚሽን የለም» እላለሁ። ውሸት አይደለም እያልኩ ራሴን አሳምን ነበር። ኮሚሽን በእርግጥ የለም። የምንወስደውን የምንወስደው ከምንዛሬው ነው፤ ማንም ደግሞ ስለ ምንዛሬው አይጠይቀኝም።

አንዲት ሴት ግን ጠየቀችኝ።

ዕድሜዋ ሠላሳን ያለፈ፣ ከሲታ፣ ረጅም፣ ከሐይቅ ከተማ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች የወሎ ሴት ነበረች። የምትሠራው በአንድ የጉምሩክ ሠራተኛ ቤት ነው፤ እዚያው ታድራለች። እናቷና የዘጠኝ ዓመት ልጇ አገር ቤት ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣች ዕለት አሥራ አምስት ሺህ ፍራንክ ይዛ መስኮቱ ፊት ቆመች።

«ይኼን ብሰጥሽ እናቴ እጅ ስንት ብር ይገባል?» አለችኝ።

በማስያው መትቼ «አንድ ሺህ አራት መቶ አርባ» አልኳት።

«ሌላ የሚቆረጥ የለም? እዚያም ሲቀበሉ?»

«የለም።»

«እሺ፣ መጣሁ» ብላ ወጣች። መንገዱን ተሻግራ ማዶ ወዳለው ትልቅ መላኪያ ቤት ስትገባ አየኋት። እዚያ ማዶ ምንዛሬው ከኛ ይሻላል፤ በሺህ ፍራንክ መቶ ሁለት ብር ይሰጣሉ። ግን የመላኪያ ክፍያ አላቸው፤ እስከ ሃያ ሺህ ፍራንክ ድረስ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ፍራንክ ይቆርጣሉ። ትንሽ ቆይታ ተመለሰች።

«እነሱ ዋጋቸውን ከቆረጡ በኋላ አንድ ሺህ አራት መቶ ሰባት ብር ነው የሚገባው አሉኝ። ያንቺ ይሻላል። ላኪልኝ።»

ገረመኝ። ፊደል አልቆጠረችም፤ ቅጹን የሞላሁላት እኔ ነኝ፤ የፈረመችውም በጣቷ ነው። ቁጥር ግን ታውቃለች። ስለ ኮሚሽንም ስለ ምንዛሬም አንድ ቃል አልተነፈሰችም። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከኪሴ ይህን ያህል ከወጣ እናቴ እጅ ስንት ይገባል? እኔ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምሬ ያንን ጥያቄ እንደዚያ አጥርቼ ጠይቄው አላውቅም።

ሁለት ዓመት ሙሉ በየወሩ የመጀመሪያ ዓርብ መጣች። መጀመሪያ አካባቢ ማዶ ያለውን ሳታይ አትልክም ነበር፤ የኛ ሁልጊዜ በሠላሳ ብር እየበለጠ ሲገኝ ኋላ መሄዱን ተወችው። ሌላ መንገድም ሞክራ ነበር። አንድ ጊዜ ገበያው ዳር ከሚቀመጡት መንዛሪ ሴቶች ብር ገዝታ በሹፌር ልካለች። ስሌቱ ከሁላችንም ይበልጥ ነበር። ብሩ ግን እናቷ ዘንድ የደረሰው ሁለት ወር ዘግይቶ ነው፤ ሹፌሩ ድንበር ላይ እንዳይወረስበት ፈርቶ አንድ ዘመዱ ቤት አስቀምጦት ኖሯል። «ሁለት ወር እንቅልፍ አልተኛሁም» አለችኝ። «ትርፉ ለእንቅልፌም አልበቃ።» ከዚያ በኋላ በሰው ላከች ሲባል አልሰማሁም።

እንዲህ እንዲህ እያልን ተላመድን። ሰው ከሌለ መስኮቱ ላይ ክርኗን አስደግፋ ስለ ልጇ ታወራኛለች። ልጅቷ አራተኛ ክፍል ገብታለች፣ ስልክ ላይ ድምፅዋ ተለውጧል፣ አሁን አሁን «እማዬ» የምትለው አያቷን ነው። ይህን የመጨረሻውን ስትነግረኝ ፈገግ ብላ ነበር፤ ፈገግታዋ ግን ፊቷ ላይ ብዙም አልቆየ።

አንድ ዓርብ ጠዋት ከወትሮዋ ቀድማ መጣች። ሻርፗን ፈትታ፣ በላስቲክ የታሰረ ወፍራም የፍራንክ ጥቅል አውጥታ በመስኮቱ ቀዳዳ ገፋችልኝ።

«ሰማንያ ሺህ ነው» አለች። «ዕቁቤ ወጣልኝ።»

ሐጂ በሩ አጠገብ ጋዜጣ ይዞ ተቀምጦ ነበር። ሰማንያ ሺህ ሲባል ጋዜጣውን ዝቅ አደረገ።

«ይህ ሁሉ ለምን ሊሆን ነው?» አልኳት።

«ለቤት ክዳን። የእናቴ ቤት ሣር ነው፤ ባለፈው ክረምት አንድ ጎኑ ፈሰሰና ልጄ መጽሐፏን በፌስታል ጠቅልላ ነው የከረመችው። ዘንድሮ ከዝናቡ በፊት ቆርቆሮ መልበስ አለበት። አናጢው መጥቶ ለክቶታል። ስልሳ ሁለት ቆርቆሮ ይፈጃል ብሏል። አንዱ ሐይቅ ላይ መቶ ሃያ ብር ነው። ሚስማርና የአናጢው ዋጋ አራት መቶ ሃምሳ ብር። በቃ፣ ይኸው ነው።»

ቅጹን አወጣሁ። የእናቷን ስም በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ጻፍኩት። ከዚያ ሰማንያውን በዘጠና ስድስት ስመታው ሰባት ሺህ ስድስት መቶ ሰማንያ መጣ። ነገርኳት።

በጣቶቿ አሰላች። ስልሳ ሁለት ቆርቆሮ በመቶ ሃያ፣ ሰባት ሺህ አራት መቶ አርባ። ሚስማሩና አናጢው ሲጨመሩ ሰባት ሺህ ስምንት መቶ ዘጠና።

«ሁለት መቶ አሥር ይጎድላል» አለች። ድምፅዋ ወረደ። «አናጢው ደግሞ በዱቤ አይሠራም። ቆርቆሮው ተገዝቶ ግድግዳ ተደግፎ ዝናቡን ሊያይ ነው። እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ በሚቀጥለው ወር እጨምራለሁ።»

«ማዶ ጠይቀሻል?» አልኳት። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ሐጂ አጠገቤ ነው።

«ስገባ ሰሌዳቸውን አየሁት። ለዚህ ያህል ገንዘብ መላኪያው ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሆኗል! ያን ጊዜ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ነበር እኮ። በአንድ ሺህ ሁለት መቶው ከናንተ ካነሱ፣ በሁለት ሺህ አምስት መቶው ምን ሊተርፈኝ ነው?»

ስህተቷ ገባኝ፤ እንዴት እንደተሳሳተችም ገባኝ። እነሱ የሚቆርጡት ክፍያ በሁለት እጥፍ ነው የጨመረው፤ ገንዘቧ ግን ከአምስት እጥፍ በላይ ነው ያደገው። የኛ ስምንት ብር ደግሞ ከየሺው ላይ ነው የሚነሳው፤ ገንዘቡ ባደገ ቁጥር አብሮ ያድጋል። በአሥራ አምስት ሺህ ላይ የኛ ይሻል ነበር፤ በሰማንያ ሺህ ላይ ግን የኛ ነው የሚጎዳት። መርምራ ያመነችንና ሁለት ዓመት ሙሉ የተመላለሰች ሴት፣ በዚያው እምነቷ ልትጎዳ ነው።

እስክሪብቶውን አስቀመጥኩና ማስያውን ወደ እሷ አዞርኩት። አንድ ቃል ሳልናገር ሰማንያ ሺህ ጻፍኩ፤ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ቀነስኩ፤ ሰባ ሰባት ሺህ አምስት መቶ ሆነ። በመቶ ሁለት አባዝቼ ለሺህ አካፈልኩ። ሰባት ሺህ ዘጠኝ መቶ አምስት።

ቁጥሩን አየችው። እኔን አየችኝ። ሐጂ ሳል አለ።

«ገንዘቤን አንዴ ስጪኝ እህቴ» አለች። ጥቅሉን መለስኩላት፤ ሻርፗ ውስጥ ደብቃ ወጣች። በመስታወቱ ውስጥ መንገዱን ስትሻገር አየኋት።

ሐጂ ጋዜጣውን አጥፎ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ደመወዜ እናቴንና ሁለት እህቶቼን የሚያኖር ነው፤ አባቴ በዚያ ዓመት ነው የሞተው። ምን ነካኝ? እያልኩ የእናቷ ስም ብቻ የተጻፈበትን ቅጽ ደጋግሜ አየሁት።

ግማሽ ሰዓት ያህል ሆነ። የጁምዓ ሶላት እየተቃረበ ነው፤ ሐጂም ለመሄድ ተነስቶ ኮፍያውን ይፈልጋል። በዚህ መሃል በሩ ተከፈተ። እሷው ናት። ወደ መስኮቱ አልመጣችም፤ በቀጥታ ሐጂ ፊት ሄዳ ቆመች።

«ሐጂ፣ እዚያ ማዶ ሰባት ሺህ ዘጠኝ መቶ አምስት ብር እናትሽ እጅ ይገባል አሉኝ። ሁለት ጊዜ አስደገምኳቸው። እርስዎ ስንት ያስገቡልኛል?»

«እኛ ኮሚሽን አንወስድም፣ ልጄ» አላት።

«ኮሚሽኑን አልጠየቅኩም። እናቴ እጅ የሚገባውን ነው የጠየቅኩዎት።»

ሐጂ ወደኔ ተመለከተ። እኔ ጠረጴዛውን ተመለከትኩ።

«እዚያ የሚሻል ከሆነ ለምን ተመለስሽ ታዲያ?»

«ሁለት ዓመት የተመላለስኩበት ቤት ነው። ሳልናገር ጥዬ ብሄድ ደስ አይለኝም። ደግሞም እርስዎ ነጋዴ ነዎት፤ ነጋዴ ደንበኛው ከእጁ ሲወጣ ዝም ብሎ አያይም።»

ሐጂ ሳቀ። ሳቁን ለመደበቅ ጢሙን ያዘ። «ዘጠና ስምንት» አለ።

«ስንት ይሆናል እህቴ?» አለችኝ ፊቷን ሳታዞር።

«ሰባት ሺህ ስምንት መቶ አርባ።»

«አናጢው አይወጣም» አለችው።

«የምን አናጢ?»

ነገረችው። የቤቱን ክዳን፣ በፌስታል የተጠቀለለውን መጽሐፍ፣ የሚጎድለውን ሁሉ ቆማ ነገረችው፤ አላለቀሰችም፣ አልለመነችም፤ ልክ ጨርቅ እንደሚገዛ ሰው ነበር የምትናገረው። ሐጂ ወደ ጣሪያው አንጋጠጠ። ለሶላት መጥራት ተጀመረ።

«ዘጠና ዘጠኝ» አለ። «ከዚህ በላይ ካልሽኝ ሱቁን ሰጥቼሽ እኔ ወሎ እሄዳለሁ።»

«ሰባት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ» አልኩ ሳልጠየቅ።

እሷም መጥታ ጥቅሉን በቀዳዳው ገፋችልኝ። ላኩላት። የሚስጥር ቁጥሩን እየደጋገመች በቃሏ አጠናች፣ እዚያው ቆማ ለእናቷ ደወለችና አንድ በአንድ ነገረቻት። «ሰላሳ ብር ትተርፋለች፤ ለልጅቷ እስክሪብቶ ግዢባት» ስትል ሰማሁ።

ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ስንከፍት ሐጂ ጉንጩ ውስጥ ጫቱን ይዞ ወንበሩን ወደኔ አስጠጋ። ሊያሰናብተኝ ነው ብዬ የሱቁን ቁልፍ ከቦርሳዬ ማውጣት ጀምሬ ነበር።

«ቁጭ በይ» አለኝ። «ያን ስምንት ብር እኔ እበላዋለሁ ብለሽ ነው የምታስቢው?»

«አላልኩም ሐጂ።»

«ትያለሽ እንጂ። ስሚኝ። እኔ እዚህ ፍራንክ ስቀበል ሸሪኬ እዚያ ብር ይከፍላል። ብሩን አስቀድሜ አስቀምጬ ነው። ያኔ ብር ድንገት የወረደ ጊዜ፣ አንቺ ገና አልመጣሽም፣ ተኝቼ ተነሳሁ፤ ዶላር በአንድ ሌሊት ሦስት ብር ገደማ ጨምሯል። ያስቀመጥኩት ብር ያው ነው፤ በዚያው ብር የማስተናግደው ሰው ግን አነሰ። ለሁለት ዓመት ያጠራቀምኩት ትርፍ በአንድ ጠዋት ሄደ። ዳግመኛ ቢወርድስ እያልኩ ነው ዘጠና ስድስት የምጽፈው። የሱቅ ኪራይ አለ። ፈቃድ አለ። ያንቺ ደመወዝ አለ።»

እውነቱን ነው። ይህን እስከዚያ ቀን አላሰብኩትም ነበር፤ ቀዩን ጢሙን እያየሁ አዘንኩለት። ግን ደግሞ መስኮቱ ላይ የሚቆሙት ሴቶች ፊት መጣብኝ።

«ሐጂ፣ የነገሩኝ ልክ ነው» አልኩት። «ግን ያን ለሰው እንዲህ ብለን አንነግርም። ኮሚሽን የለም ነው የምንለው። እነሱ ደግሞ ምንም አይወስዱብንም ብለው ነው የሚሄዱት።»

ማራገቢያው ቆመ፤ ተነስቶ በእጁ መታው፤ እንደገና ዞረ።

«ከሃምሳ ሺህ በላይ ለሚልክ ዘጠና ዘጠኝ ጻፊ» አለ በመጨረሻ። «ለሌላው ዘጠና ስድስት። የአማርኛውን ወረቀት እንደፈለግሽ አድርጊው። የፈረንሳይኛውንና የዐረብኛውን እንዳትነኪ።»

የአማርኛውን ላጥኩት። በምትኩ «ከመላክዎ በፊት ተቀባዩ እጅ የሚገባውን ብር ይጠይቁ» ብዬ ጻፍኩ። ብዙዎቹ ማንበብ እንደማይችሉ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ለሚመጣው ሁሉ አነበብኩለት። አንዳንዷ ጠይቃ ወደ ማዶ ሄደች፤ አንዳንዷ ሄዳ ተመለሰች። አንዲት ልጅማ «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?» አለችኝ። ከሁለት ዓመት በላይ ዝም ማለቴን በምን ቃል ነው የማስረዳት? «ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። እሷ ይቅርታዬን ሰምታ ሄደች፤ ተመልሳም አልመጣች።

ያቺ ሴት ግን በሚቀጥለው ወር ሦስት ሴቶች አስከትላ መጣች። ሁሉም የሐይቅ አካባቢ ልጆች ናቸው። እሷን ጨምሮ እያንዳንዳቸው አሥራ አምስት አሥራ አምስት ሺህ ይዘዋል።

«አንድ ላይ ስልሳ ሺህ ነው» አለችኝ። «በእናቴ ስም ላኪው። ከሃምሳ ሺህ በላይ ነው አይደል?»

ሐጂ ጋዜጣውን ወረወረው። «ይቺ ሴትዮ በጠራራ ፀሐይ ልትዘርፈኝ ነው!» አለ። ግን አልከለከለም፤ ቃሉን ሰጥቷላ። ለየብቻ ቢልኩት ኖሮ ለእያንዳንዳቸው አንድ ሺህ አራት መቶ አርባ ነበር የሚደርሳቸው፤ አሁን አንድ ሺህ አራት መቶ ሰማንያ አምስት ደረሳቸው። አርባ አምስት ብር ያኔ ለእነሱ ትንሽ አልነበረም።

ነገሩ ሦስት ወር በደንብ ሄደ። በአራተኛው ወር ከሴቶቹ አንዷ ቀረች። ብቻዋን መጥታ በዘጠና ስድስት ላከች። ምነው ብዬ ስጠይቃት፣ ለካ አባቷ ድርሻቸውን ለመቀበል ወደዚያች ሴት እናት ቤት በእግራቸው የሦስት ሰዓት መንገድ ሲሄዱ ነው የከረሙት። «አርባ አምስት ብር አገኘሁ ብዬ ስደሰት አባቴ ጉልበታቸው ሲያብጥ ነው የኖረው። አልነገሩኝም። ወንድሜ ነው የነገረኝ» አለችኝ። ለሳቸው ባንኩ ይቀርባቸዋል፤ ከመንደራቸው እስከ ባንኩ በር የሚያደርስ መኪና አለ። የዚያን ቀን ማስያዬ የማይመታው ዋጋ እንዳለ ተማርኩ። ከዚያ ወዲህ ሰው ስንት ይገባል ሲለኝ፣ ተቀባዩ የሚኖረው የት ነው፣ እስከዚያ በምን ይሄዳል ብዬ እጠይቃለሁ። ያቺ ሴትም ነገሩን ስነግራት «እኔ ነኝ ያስገባኋት» አለች፤ በዚያው ሳምንት ሄዳ ልጅቷን ይቅርታ ጠይቃታለች።

የእናቷ ቤት ቆርቆሮ ለበሰ። ግን እንደታሰበው አልሆነም። ብሩ በደረሰ በሁለተኛው ቀን ገበያ ሲወርዱ ቆርቆሮው አምስት ብር ጨምሮ ጠበቃቸው፤ ስልሳ ሁለት የተባለው ሃምሳ ዘጠኝ ሆነ። የጎደለውን አንዱን ጥግ አናጢው በአሮጌ ቆርቆሮ ጠጋግኖ ሸፈነው። ይህን ስትነግረኝ ትቆጫለች ብዬ ስጠብቅ ሳቀች። «ከማዶው እንድትበልጥልኝ ሐጂን የተከራከርኩባት አሥራ አምስት ብር፣ ባለ ሱቁ በአፍታ ወሰዳት» አለች። «ይሁን። ዝናቡ ግን አልገባም። ልጄ ስልኩን ወደ ጣሪያው ይዛ የዝናቡን ድምፅ አሰማችኝ። ምድር ቀውጢ ነው የሚመስለው!»

ዓመት ከመንፈቅ ያህል እንደቆየ አገሬ ልገባ ነው ብላ መጣች። ሐሙስ ቀን ነበር፤ በማግስቱ ትሳፈራለች። ሐጂ ከወንበሩ ተነስቶ «ሱቁን ሳትወስጂው?» አላት። እጁን ስማ ተሰናበተችው። ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ «አርባ ሺህ ፍራንክ አለችኝ። እዚህ ልላካት ወይስ ይዣት ልሂድ?» አለችኝ።

ሐጂ እዚያው ቆሟል። አሁን ግን አልፈራሁም።

«አንቺው ራስሽ ከሄድሽ ለምን ለመላኪያ ትከፍያለሽ?» አልኳት። «ዶላር ግዢበት። ፍራንክና ዶላር ዋጋቸው የታሰረ ስለሆነ መንዛሪዎቹ ብዙ ሊበሉብሽ አይችሉም። ብር ግን ለመንገድ ያህል ብቻ ያዢ፤ ድንበር ላይ ከተፈቀደው በላይ ከተገኘብሽ ይወረሳል። ዶላሩን አገር ስትገቢ ባንክ ትመነዝሪዋለሽ።»

«ነይ አብረሽኝ» አለችኝ።

ሐጂን አየሁት። በእጁ ሂጂ ሂጂ አለኝ። በሦስት ዓመት ተኩል ትውውቃችን ከመስኮቱ ወዲያና ወዲህ ሳንሆን ጎን ለጎን የሄድነው ያኔ ብቻ ነው። ከትከሻዋ በታች መሆኔን አላውቅም ነበር፤ እኔ ሁልጊዜ ተቀምጬ ነው የማያት።

መንዛሪዎቹ ሴቶች ገበያው ዳር በጥላ ሥር በተርታ ተቀምጠዋል። ሁለት መቶ ዶላር ነበር የፈለግነው። የመጀመሪያዋ አንዱን ዶላር በመቶ ሰማንያ ፍራንክ አለችን። ሁለተኛዋ መቶ ሰባ ዘጠኝ። እኔ በሶማልኛ ልከራከር አፌን ስከፍት ክንዴን ያዘችኝ።

«ተይ፣ እኔ ልጠይቅ» አለች። ሦስተኛዋ ፊት ቁጢጥ ብላ፣ በተሰባበረ ሶማልኛ፣ ሁለት ጣቷን ዘርግታ ጠየቀቻት፦ ሁለት መቶ ዶላር እጄ እንዲገባ ስንት ፍራንክ ከኔ ይወጣል? ሴትዮዋ ሠላሳ አምስት ሺህ ሰባት መቶ አለቻት። ከመጀመሪያዋ በሦስት መቶ ፍራንክ ያንሳል። ገዛች። አዳዲሶቹን ኖቶች አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ አንስታ አየቻቸው፣ የተቀደደ አንድ አገኘችና አስለወጠች፣ ከዚያ አጣጥፋ ቀሚሷ ውስጥ ወደ ሰፋችው ኪስ ከተተቻቸው።

ለስንብት ምሳ ልጋብዝሽ ብላ ወደ አንድ የየመኖች ምግብ ቤት ወሰደችኝ። አንድ ትልቅ ዓሣ ለሁለት በላን። ስለ ምንዛሬ አላወራንም። ልጇ ስታያት «እማዬ» ብላ የምትጠራው ማንን እንደሆነ ነበር የጨነቃት። «ለሁለታችንም ይበቃል አይደል ስሙ?» አለችኝ፤ እኔም ይበቃል አልኳት። በሁለተኛው ሳምንት ደወለች። መስመሩ ይቆራረጥ ነበር። ደርሳለች፣ ደኅና ናት፤ ልጅቷ የመጀመሪያውን ቀን ከአያቷ ጀርባ ተደብቃ ዋለች፣ ሁለተኛውን ቀን ግን ከእናቷ ጎን ተኛች። ሌላም ነገር ስታወራ መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ስደውልላት አልያዘልኝም፤ ከመስኮቱ ፊት ደግሞ ሰልፍ ነበር።